ወፍጮ ቤቱ መቼ ይዘጋ? የመዝጊያ ዋጋው ሲሳሳትባችሁ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ማታ ማታ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎችን አስጠናለሁ። የአጭር ጊዜ የወጪ ቀመር ሰጥቼ «ዋጋው ከስንት ቢወርድ ይዘጋል?» ብዬ ስጠይቅ፣ የሚመጡት የተሳሳቱ መልሶች ሁሌም አንድ ዓይነት ናቸው። ቁጥሩን ብቻ አይቼ ስህተቱ የት ላይ እንደሆነ አውቃለሁ።

ቡሬ ያለ አንድ ወፍጮ ቤት እናስብ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ እኔው ያወጣኋቸው ናቸው። Q በቀን የሚፈጨው ኩንታል ነው፣ ወጪው በብር ነው።

```
TC = Q³ − 20Q² + 250Q + 576
```

576ቱ ብር የቤት ኪራይ ነው። እህል መጣም ቀረም ይከፈላል። የቀረው መብራቱ፣ የሠራተኛው ምንዳ፣ የሚያልቀው ቺንጋ ነው። ከፈጩ ይወጣል፣ ካልፈጩ የለም።

አማካይ ተለዋዋጭ ወጪን ለማግኘት ኪራዩን ትታችሁ፣ Q ያለበትን ብቻ ለ Q አካፍሉ። ማርጂናል ኮስት ደግሞ የ TC ዴሪቬቲቭ ነው።

```
AVC = Q² − 20Q + 250
MC  = 3Q² − 40Q + 250
```

የ AVC ዴሪቬቲቭ 2Q − 20 ነው። ዜሮ ሲሆን Q = 10፣ AVC = 150 ይሆናል። የመዝጊያ ዋጋው ይህ ዝቅተኛው AVC፣ 150 ብር ነው። አሁን 10ን MC ውስጥ አስገቡ፦ 300 − 400 + 250 = 150። ሁለቱ እኩል መጡ። ይህን ማረጋገጫ ሳትሠሩ ወደ ሌላ ጥያቄ አትለፉ። MC ሁልጊዜ AVCን የሚያቋርጠው AVC ዝቅተኛው ቦታ ላይ ሲደርስ ነው። እኩል ካልመጡ አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው።

መልሳችሁ 202 ከሆነ

ኪራዩን ጨምራችሁ አካፍላችኋል። 202 ብር (Q = 12 ላይ) ትርፍም ኪሳራም የሌለበት ዋጋ ነው እንጂ የመዝጊያ ዋጋ አይደለም። በጣም የሚያሳስተው ይሄ ነው። «እየከሰረ እንዴት ይሠራል?» ይሉኛል።

እስኪ የማስፈጫ ዋጋው በኩንታል 173 ብር ይሁን። P = MC ሲሆን Q = 11 ይወጣል። ገቢው 1,903 ብር ነው። ተለዋዋጭ ወጪው 1,661 ብር ነው። 242 ብር ይተርፋል፤ እሱም ከኪራዩ ላይ ይቀነሳል። ኪሳራው 334 ብር ነው። ቢዘጋስ? ሙሉውን 576 ይከስራል። ስለዚህ ይፈጫል።

ዋጋው 140 ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። በ10 ኩንታል እንኳ በእያንዳንዱ ኩንታል ላይ 10 ብር ከኪሱ ይጨምራል፤ ኪሳራው 676 ይሆናል። መዝጋት ይሻለዋል።

መልሳችሁ 117 ገደማ ከሆነ

የ MCን ዝቅተኛ ነጥብ ነው የፈለጋችሁት። Q = 6.67 ላይ MC በእርግጥ 116.67 ነው። ግን MC የሚነግራችሁ የመጨረሻውን ኩንታል ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የተፈጩት የበለጠ አስወጥተዋል። እዚያው ቦታ ላይ AVC 161 አካባቢ ነው። በ117 ብር የሚፈጭ ሰው በየኩንታሉ 44 ብር ያህል ይከስራል። ዴሪቬቲቩን ዜሮ የምታደርጉት የ AVCን ነው፣ የ MCን አይደለም።

P = MC ሁለት መልስ ከሰጣችሁ

በ173 ብር የሚወጡት Q = 11 እና Q = 2.33 ናቸው። ሁለተኛው ላይ MC ገና እየወረደ ነው። አንድ ኩንታል ቢጨመር የበለጠ ይረክሳል፤ ታዲያ እዚያ ለምን ይቆማል? AVCም 209 ገደማ ስለሆነ ከዋጋው በላይ ነው። MC እየወጣ ያለበትን መልስ ያዙ፤ እዚህ ትልቁ ነው።

ዴሪቬቲቩ ዜሮ አልሆን ካለ

ቀመሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

```
TC = Q² + 5Q + 576
```

AVC = Q + 5 ነው። ዴሪቬቲቩ 1 ነው፣ ዜሮ አይሆንም። አልተሳሳታችሁም። AVC ከመጀመሪያው ጀምሮ ወደ ላይ ብቻ ነው የሚሄደው። ዝቅተኛው Q ወደ ዜሮ ሲጠጋ ነው፤ የመዝጊያ ዋጋውም 5 ብር ነው።

አንድ ነገር ግን ጥያቄውን ስታነቡ ልብ በሉ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ኪራዩ ቢዘጋም የማይቀር ሲሆን ነው። አከራዩ «ከዘጋህ አትክፈል» ካለው 576ቱ ሊቀር የሚችል ወጪ ሆነ። ያኔ ወደ ስሌቱ ይገባል፣ ወፍጮውም የሚዘጋው ዋጋው ከ202 ሲወርድ ነው።