ቆረቆር ፎረፎር አይደለም፤ ወላጆች የሚሳሳቱባቸው ነጥቦች

መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ጎንደር ውስጥ ፀጉር ቤቶች በልጆች ይሞላሉ። ሁለተኛ ክፍል የሚማር፣ 25 ኪሎ የሚመዝን አንድ ልጅ እናስብ። ከተላጨ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከአናቱ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው፣ ነጣ ያለና የሚቀረፍ ቦታ ወጣበት፤ ፀጉሩም እዚያው ሳሳ። ቤተሰቡ የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ ከዚህ ጀምሮ ነው።

1. ፎረፎር ነው ብሎ መተው

ፎረፎር የሚመጣው የራስ ቆዳ ወዝ ሲበዛ ነው። ይህ ወዝ የሚጨምረው ደግሞ በጉርምስና ስለሆነ የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ ፎረፎር እምብዛም አይይዘውም። ቢይዘውም ቅርፊቱ መላውን ራስ ያዳርሳል እንጂ በአንድ ቦታ ተወስኖ ፀጉር አይጨርስም። ቆረቆር ግን ፈንገስ ነው። በአገራችን በብዛት የሚገኘው ዓይነት ፀጉሩ ውስጥ ገብቶ ስለሚራባ ፀጉሩ ከቆዳው እኩል ይሰበራል፤ የተሰበረው ጫፍም እንደ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ልጁን ፀሐይ ላይ አስቀምጠው ቦታውን ይዩት። ጥቁር ነጥቦች ወይም አጭር ስብርባሪ ፀጉር ካለ፣ ከማጅራቱ በላይም እንደ ባቄላ ያሉ እብጠቶች በጣት የሚዳሰሱ ከሆነ ቆረቆር መሆኑ አይቀርም። ቦታው ልሙጥ ሆኖ ምንም ቅርፊት ከሌለው ግን ላሽ ሊሆን ይችላል፤ የላሽ ሕክምና ሌላ ነው።

የሚያጠራጥር ከሆነ ጤና ተቋም ሄዶ ቅርፊቱንና የተሰበረውን ፀጉር በላቦራቶሪ ማስመርመር ይቻላል። ከምርመራው በፊት ባሉት ቀናት ቅባት ባይቀባ ይመረጣል።

2. በቅባት ብቻ ለማዳን መሞከር

በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ነው። ፊት ወይም ክንድ ላይ የወጣ ጭርት በቅባት ይድናል፤ የራሱም እንደዚያው የሚድን ይመስላል። ነገር ግን ቅባት ፈንገሱ ወደተደበቀበት ወደ ፀጉሩ ሥር አይደርስም። ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ደግሞ ይብስበታል፤ ማሳከኩና መቅላቱ ሲቀንስ የዳነ ይመስላል፣ ፈንገሱ ግን እየሰፋ ይሄዳል። ነጭ ሽንኩርት ማሸትም ቆዳውን ያቃጥለዋል እንጂ አያድነውም።

የሚያድነው የሚዋጥ መድኃኒት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ግሪሲዮፉልቪን ይባላል። መጠኑ የሚሰላው በልጁ ክብደት ነው። በኪሎ 20 ሚሊግራም ከታዘዘ የኛ 25 ኪሎ ልጅ በቀን 500 ሚሊግራም ይወስዳል ማለት ነው። የጉበት ችግር ካለ ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

3. መድኃኒቱን በባዶ ሆድ መስጠት

ግሪሲዮፉልቪን ያለ ስብ በደንብ ወደ ደም አይገባም። ከወተት፣ ከእንቁላል ወይም ቅቤ ካለው ሽሮ ጋር ይሰጠው። ቤቱ የጾም ምግብ ብቻ የሚሠራ ከሆነ አቮካዶ፣ የለውዝ ቅቤ ወይም ዘይት ጠገብ ያለ ወጥ ይተካል።

4. ማሳከኩ ሲቆም ማቋረጥ

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ቅርፊቱ ይቀንሳል፤ ሕክምናው ግን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። ቶሎ ካቆመ ፀጉሩ ውስጥ የቀረው ፈንገስ እንደገና ይነሳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፊቱና ገላው ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ሊወጣበት ይችላል። ይህ ብዙ ጊዜ ሰውነቱ ለፈንገሱ የሚሰጠው ምላሽ ነው። መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ከማቋረጥ ለሐኪሙ ማሳየት ይበጃል።

5. ያበጠውን እንደ እባጭ መብጣት

አንዳንዴ ቦታው ያብጣል፣ ሲነኩት ልስልስ ይላል፣ መግልም ያወጣል። እባጭ ቢመስልም የሰውነት ቁጣ ነው እንጂ የሚበጣ ነገር አይደለም። መብጣት ጠባሳ ይተዋል፤ በጠባሳ ላይ ደግሞ ፀጉር አይበቅልም። እንዲህ ያበጠበት ልጅ ቀጠሮ ሳይጠብቅ መታየት አለበት።

6. የታመመውን ልጅ ብቻ ማከም

በአንድ ትራስ የሚተኙ ወንድምና እህቶች ምንም ሳይታይባቸው ፈንገሱን ሊይዙ ይችላሉ። የሁሉንም ራስ ይመልከቱ። ኬቶኮናዞል ሻምፖ በሳምንት ሁለት ጊዜ ራሳቸው ላይ 5 ደቂቃ አቆይቶ ማጠብ መተላለፉን ይቀንሳል፤ ብቻውን ግን አያድንም። ማበጠሪያ፣ ኮፍያና ሻሽ ለየብቻ ይሁን። ፀጉር ቤት ሲሄዱም ከማሽኑ ጥርስ ላይ የቀረው ፀጉር በብሩሽ መጠረጉን ይዩ፤ ፀጉሩ እዚያው እያለ አልኮል ቢፈስበት ብዙም አይጠቅምም።

ልጁን ከትምህርት ቤት ማስቀረት አያስፈልግም፤ መድኃኒቱን ከጀመረ መማር ይችላል።