የክሊኒክ ተረኞች ሰሌዳ፦ የሰው ክፍተቱ ወዲያው እንዲታይ

አብዛኛው የዲዩቲ ፕሮግራም ማን መቼ እንደሚገባ ይናገራል፤ ማን እንደጎደለ ግን አይናገርም። ሰሌዳውን ስታወጡ ከስሞቹ በታች የጎደለውን የሚቆጥሩ ረድፎች ጨምሩ።

አምስት ነርሶችና ሁለት የላብራቶሪ ባለሙያዎች ያሉትን ክሊኒክ እንውሰድ። ጠዋት (ከ2፡00 እስከ 8፡00) ሁለት ነርስ፣ ከሰዓት (ከ8፡00 እስከ ምሽቱ 2፡00) አንድ፣ ሌሊት (እስከ ማግስቱ ጠዋት 2፡00) አንድ ያስፈልጋል። ይህ በቀን 30፣ በሳምንት 210 የነርስ ሰዓት ነው። እያንዳንዳቸው በሳምንት 48 ሰዓት ቢሠሩ አምስቱ 240 ይሸፍናሉ። አንዷ ፈቃድ ከወጣች ግን 192 ብቻ ይቀራል፤ 18 ሰዓት ጎደለ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሞላው ፈቃድ ነው።

በኤክሴል A4 እስከ A10 ስም፣ B ሙያ ይግባ። C የባለፈው ወር የመጨረሻ ቀን ነው፤ ከD እስከ AG 30 ቀናት። በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሌም 30 ስለሆነ አንዱ ቅጽ ለ12ቱም ወር ይሆናል፤ ለጳጉሜ ለብቻው አዘጋጁ። ምልክቶቹ፦ ጠ፣ ከ፣ ሌ፣ እ (እረፍት)፣ ፈ (ፈቃድ)። ባዶ ሴል ማለት ገና ያልተወሰነ ነው እንጂ እረፍት አይደለም።

A12፣ A13፣ A14 ላይ ጠ፣ ከ፣ ሌ ጻፉ፤ በB አጠገባቸው 2፣ 1፣ 1። D12 ላይ፦

```
=COUNTIFS($B$4:$B$10,"ነርስ",D$4:D$10,$A12)-$B12
```

እስከ AG14 ገልብጡት። -1 ካሳየ አንድ ነርስ ጎድሏል። ሙያውን ሳይለዩ ጭንቅላት ብቻ መቁጠር ትልቁ ወጥመድ ነው፤ ጠዋት አንድ ነርስና አንድ የላብራቶሪ ባለሙያ ቢገቡ ድምሩ 2 ስለሚሆን ሰሌዳው ሙሉ ይመስላል። ለላብራቶሪም የራሱን ረድፍ ጨምሩ። ምልክቶቹ በእጅ ከሚጻፉ ከዝርዝር እንዲመረጡ ማድረግ ይሻላል። ከ"ጠ" ኋላ የገባች አንዲት ባዶ ቦታ ቁጥሩን ታበላሻለች፣ ስታዩዋት ግን አትታይም።

ከዜሮ በታች የሆነው ሴል ጥቁር መደብ፣ ነጭ ጽሑፍ ይኑረው። ቀይና አረንጓዴ በጥቁርና ነጭ ማተሚያ ሲወጡ ሁለቱም ግራጫ ናቸው።

ቁጥሩ የማያጋልጠው ሌላ ስህተት አለ፦ ሌሊት ያደረች ነርስ ማግስቱን ጠዋት ወይም ከሰዓት ተመድባ ስትገኝ ቆጠራው ዜሮ ስለሚሆን ምንም አይታይም። D4:AG10ን መርጣችሁ ይህን የቀለም ሕግ ስጡት፦

```
=AND(C4="ሌ",OR(D4="ጠ",D4="ከ"))
```

C ዓምድ የተቀመጠው ለዚህ ነው፤ ያለሱ ባለፈው ወር 30 ሌሊት ያደረች ነርስ ወር በገባ በ1 ጠዋት ስትመደብ ማንም አያይም።

ሲታተም 15 ቀን በአንድ ገጽ፣ የቆጠራ ረድፎቹም አብረው ይውጡ።