አክሲዮኑ ርካሽ ነው ወይስ ውድ? በአቻ ድርጅቶች እንዴት እንደሚመዘን

ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ያለው አንድ የታሸገ ውሃ አምራች አለ እንበል። ከባለአክሲዮኖቹ አንዱ ድርሻቸውን ሊሸጡልዎ ይፈልጋሉ። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 420 ብር ነው፤ የድርጅቱ አክሲዮኖች 1 ሚሊዮን ናቸው። ያለፈው ዓመት የተጣራ ትርፍ 84 ሚሊዮን ብር ነው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተፈጠሩ ናቸው።

ትርፉ ለአንድ አክሲዮን ሲከፋፈል 84 ብር ይደርሰዋል፤ 420ን ለ84 ሲያካፍሉ 5 ይመጣል። ይህ ፒኢ ሬሾ ይባላል። ለአንድ ብር ዓመታዊ ትርፍ 5 ብር እየከፈሉ ነው ማለት ነው። ሻጩ ታዲያ እንዲህ ይሉዎታል፦ «የሌሎቹ እኮ 7 ነው። በ7 ቢሰላ አክሲዮኑ 588 ብር ያወጣል። በርካሽ ነው የሰጠሁዎት።» እውነት መሆኑን እንፈትሽ።

1. አቻዎቹን ይምረጡ

በአንድ ዘርፍ ያለ ሁሉ አቻ አይደለም። መጠጥ የሚያከፋፍል ነጋዴ ማሽን የለውም፤ ትርፉ የሚመጣው ከመጋዘን፣ ከመኪና እና ከፈጣን ሽያጭ ነው። የውሃ ፋብሪካ ግን ብዙ ገንዘብ ማሽን ላይ ያፈስሳል። ስለዚህ «ገንዘቡን እንዴት ነው የሚያገኘው? ምን ያህል እያደገ ነው? ስጋቱ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ።

እዚህ አገር አቻ ማግኘት ከባድ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ የጀመረው በጥር 2017 ዓ.ም ነው፤ በመጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነበር። ባንክ ደግሞ ለውሃ ፋብሪካ አቻ አይሆንም። ለባንክ ብድርና ተቀማጭ የሥራው ጥሬ ዕቃ ስለሆነ፣ ከታች የምናየው በዕዳ ላይ የተመሠረተ ስሌት ለእሱ አይሠራም።

ከናይሮቢ ገበያ አቻ መውሰድ ይቻላል። እንደ ፒኢ ያለ ብዜት ዋጋው የትርፉ ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር እንጂ ብር ወይም ሽልንግ ስላልሆነ ምንዛሬ አያስፈልገውም። ግን እንዳለ አይገለበጥም። የዋጋ ንረቱ፣ የወለዱ መጠን እና አክሲዮኑን በቀላሉ መልሶ የመሸጥ ዕድሉ ይለያያል። የሒሳብ ዓመቱም ሊለያይ ይችላል፤ የእኛ ብዙ ድርጅቶች ሰኔ 30 ሲዘጉ ሌላው በፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ ሊዘጋ ይችላል። የተመሳሳይ 12 ወራት ትርፍ ያወዳድሩ።

የሦስት አራት አቻዎችን ብዜት ካገኙ በኋላ አማካዩን ሳይሆን በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል የሚወድቀውን ይያዙ። ትርፉ ወደ ዜሮ የተጠጋ አንድ ድርጅት ፒኢው 60 ሊሆን ይችላል፤ አማካዩን ብቻውን ያበላሸዋል። በምሳሌያችን የመሐሉ ፒኢ 7 ነው።

2. ትርፉን ያጥሩ

የሒሳብ መግለጫውን ማብራሪያ ገጾች ያንብቡ። ድርጅቱ በዓመቱ ውስጥ ለገሃር አካባቢ የነበረውን አሮጌ መጋዘን ሸጧል። ከ84 ሚሊዮኑ ውስጥ 21 ሚሊዮኑ ከግብር በኋላ የቀረው የዚያ ሽያጭ ትርፍ ነው። መጋዘን በየዓመቱ አይሸጥም፤ ስለዚህ ይወጣል። የቀረው 63 ሚሊዮን ነው። በ7 ሲባዛ 441 ሚሊዮን፣ ማለትም በአክሲዮን 441 ብር። ከ588 ወደ 441 ወረድን። ያም ሆኖ 420 አሁንም ርካሽ ይመስላል።

3. ዕዳውን ያስገቡ

ፒኢ የሚያወዳድረው የባለአክሲዮኑን ድርሻ ብቻ ነው። አቻዎቹ ዕዳ ሳይኖራቸው ይህ ድርጅት የ300 ሚሊዮን ብር ብድር ተሸክሞ ከሆነ፣ ገዢው ያንን ሸክም አብሮ ይገዛል። ዕዳ የበዛበት ድርጅት ስጋቱም ስለሚጨምር ፒኢው ዝቅ ቢል አይደንቅም።

ስለዚህ የድርጅቱን ጠቅላላ ዋጋ፣ በተለምዶ ኢቪ የሚባለውን፣ ያስሉ። የአክሲዮኖቹ ዋጋ 420 ሚሊዮን፣ ሲደመር ብድር 300፣ ሲቀነስ ጥሬ ገንዘብ 20፤ ውጤቱ 700 ሚሊዮን ነው። ይህን ከተጣራ ትርፍ ጋር አያወዳድሩ፤ የተጣራ ትርፍ ወለድ የተቀነሰበት ስለሆነ። ማወዳደሪያው ወለድ፣ ግብርና የእርጅና ተቀናሽ ሳይነሳ ያለው ትርፍ፣ ማለትም ኢቢትዳ ነው። መልሰን ስንደምር፦ የተጣራ ትርፍ 63፣ ግብር 27፣ ወለድ 45፣ የእርጅና ተቀናሽ 25፤ ድምሩ 160 ሚሊዮን።

700 ለ160 ሲካፈል ወደ 4.4 ይጠጋል። በዚሁ በኢቪና በኢቢትዳ ስሌት የአቻዎቹ የመሐል ብዜት 4 ከሆነ ድርጅቱ በሙሉ 640 ሚሊዮን ያወጣል። የተጣራ ዕዳውን፣ ማለትም ከብድሩ ላይ ጥሬ ገንዘቡ ተነስቶ የቀረውን 280፣ ሲቀንሱ የባለአክሲዮኖቹ 360 ሚሊዮን ነው። አንዱ አክሲዮን 360 ብር! በአንድ ድርጅት፣ በአንድ ዓመት ሒሳብ 588፣ 441፣ 360 ወጣ። እኔ የማምነው የመጨረሻውን ነው፤ አቻዎቹ ዕዳ ስለሌላቸው ሌሎቹ ሁለቱ ትክክለኛ ንጽጽር አይደሉም።

4. ልዩነቱን ያስተካክሉ

ሻጩ «የእኛ ከሌሎቹ በፍጥነት ያድጋል» ሊሉ ይችላሉ። ይህ ሊሆን ይችላል፤ ግን በቁጥር ይጠይቋቸው። በብዜት 4 የ420 ብር ዋጋ እንዲያዋጣ ኢቢትዳው ከ160 ወደ 175 ሚሊዮን መድረስ አለበት፤ ወደ 9 በመቶ ገደማ። አቻዎቹም የሚያድጉ ከሆነ ይህ ከእነሱ ዕድገት በላይ መሆን አለበት። የተፈረመ የአቅርቦት ውል ወይም ሥራ የጀመረ አዲስ ማሽን ካሳዩዎት ወደ 420 መጠጋት ይቻላል። ከሌለ ድርድሩን ከ360 ይጀምሩ፤ አክሲዮኑ በገበያ የማይገበያይ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በታች።