የኦፕሽን ዋጋ ሲሰላ የሚሠሩ ስህተቶች፦ በጅማ ቡና ሲታዩ

ሕርማታ ገበያ ላይ አንድ ኩንታል የተቀሸረ ቡና ዛሬ 40,000 ብር ያወጣል እንበል። ከስድስት ወር በኋላ ዋጋው ወይ 50,000 ይደርሳል፣ ወይ 34,000 ይወርዳል፤ ሦስተኛ ዕድል የለም። የስድስት ወር የብድር ወለድ 6.25 በመቶ ነው። አንድ ነጋዴ በዚያን ቀን ኩንታሉን በ42,000 ብር የመግዛት መብት ሊሸጥልን መጣ። ኦፕሽን የሚባለው ይህ ነው፤ መብት እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ቡናው ከተወደደ 8,000 ብር እናተርፋለን፣ ከረከሰ ውሉን እንተወዋለን። ለዚህ መብት ዛሬ ስንት እንክፈል? ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ መርጫቸዋለሁ፤ ስህተቶቹ ግን ቁጥሩ ቢቀየርም አይቀየሩም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሳሳተው ስሌቱን ከራሱ ግምት ሲጀምር ነው። ብራዚል ላይ ውርጭ ወድቋል የሚል ወሬ ሰምቶ “የመወደድ ዕድሉ 80 በመቶ ነው” ይላል። የ8,000ን 80 በመቶ ወስዶ ለ1.0625 ያካፍልና 6,024 ብር ገደማ ያገኛል። ስሌቱ ትክክል ይመስላል። ግን ይህን ዋጋ የተቀበለ ሻጭ ምን ሊያደርግ እንደሚችል እንይ። ግማሽ ኩንታል ቡና በ20,000 ብር ይገዛል፤ 16,000 ብሩን ይበደራል፣ 4,000 ብሩን ከኛ ከተቀበለው ላይ ይከፍላል። ከስድስት ወር በኋላ ዕዳው 17,000 ብር ነው። ቡናው ከተወደደ ግማሽ ኩንታሉ 25,000 ያወጣል፤ ዕዳውን ከፍሎ የሚተርፈው 8,000 በትክክል ለኛ የሚከፍለው ነው። ከረከሰ ግማሽ ኩንታሉ 17,000 ያወጣል፣ ዕዳውም 17,000 ነው፤ ለኛም ምንም አይከፍልም። ቡናው ወደየትም ቢሄድ 2,024 ብር ገደማ ገና ከዛሬው ኪሱ ገብቷል። ስለዚህ የመብቱ ዋጋ 4,000 ብር ነው። የመወደድ ዕድሉ 80 ይሁን 30 በመቶ፣ በዚህ ስሌት ውስጥ የትም አልገባም። ስለ ውርጩ የሚያስቡ ነጋዴዎች ግምት የሚታየው በዛሬው 40,000 ውስጥ ነው።

ግማሽ ኩንታሉ የመጣው በሁለቱ ክፍያዎች መካከል ያለውን ልዩነት በሁለቱ የቡና ዋጋዎች መካከል ላለው ልዩነት በማካፈል ነው፤ 8,000 ለ16,000።

ሁለተኛው ስህተት ከዚህ ይወለዳል። ይኸው 4,000 ብር በአቋራጭ የሚገኘው በሪስክ-ኒውትራል ፕሮባብሊቲ ነው፦

q = (1.0625 × 40,000 − 34,000) ÷ (50,000 − 34,000) = 0.53125

የ8,000ን 0.53125 ወስደን በ1.0625 ስናካፍል ያው 4,000 ይመጣል። ነገር ግን “ቡና የመወደድ ዕድሉ 53 በመቶ ነው” ብሎ ማንበብ ትልቅ ስህተት ነው። q የቡናው አማካይ የወደፊት ዋጋ 42,500 ብር፣ ማለትም 40,000 ከነወለዱ፣ እንዲሆን የሚያደርግ ክብደት ብቻ ነው። በዚህ ቁጥር ተመርኩዞ ቡና የሚያከማች ሰው ገበያው ያልነገረውን ነገር ሰምቷል።

የወለዱን ጊዜ ማሳሳትም የተለመደ ነው። ዓመታዊውን 12.5 በመቶ ለስድስት ወር የተጠቀመ ሰው 4,889 ብር ገደማ ያገኛል። ቁጥሩ አጠራጣሪ ስለማይመስል በዓይን አይያዝም። የሚያዘው ግማሽ ኩንታሉንና ብድሩን ወደ ሁለቱ መጨረሻዎች ወስደን ስናይ ነው፤ በእውነተኛው ወለድ 8,000 እና 0 ካልመጡ የሆነ ቦታ ተሳስተናል። q ከ0 ቢያንስ ወይም ከ1 ቢበልጥ ደግሞ መነሻ ዋጋዎቹን እንደገና ማየት ያስፈልጋል። ለምሳሌ የስድስት ወሩ ወለድ 30 በመቶ ቢሆን 40,000 ብር ተበድሮ 52,000 የሚከፍል፣ ቡናው ቢወደድ እንኳ 50,000 ብቻ ያገኛል፤ ያን ጊዜ ቡና ይዞ የሚቆይ ሰው አይኖርም።

የመጨረሻው ስህተት ቡናን እንደ አክሲዮን ማየት ነው። ቡና መጋዘን ይፈልጋል። ለኩንታል 400 ብር የመጋዘን ኪራይ በመጨረሻ የሚከፈል ከሆነ በግማሽ ኩንታሉ ላይ 200 ብር ይቀነሳል፤ ስለዚህ መክፈል የምንችለው ዕዳ ከ17,000 ወደ 16,800 ይወርዳል። ዛሬ መበደር የምንችለው 15,812 ብር ገደማ ብቻ ይሆንና የመብቱ ዋጋ 4,188 ይደርሳል። ኪራዩን የረሳ ሻጭ 188 ብር ከራሱ ይጨምራል።

በ42,000 ብር የመሸጥ መብት ላይ ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለ። የእሱን ክፍያ እንደ ላይኛው በቡናና በገንዘብ ለመሥራት ግማሽ ኩንታል ተበድሮ ዛሬ መሸጥ ያስፈልጋል፤ ቡና የሚያበድር ግን በቀላሉ አይገኝም። መጋዘኑ ውስጥ ክምችት ያለው ነጋዴ ከራሱ ላይ ግማሽ ኩንታል ሸጦ በኋላ መልሶ ሊገዛ ይችላል፤ ክምችት የሌለው ግን ስሌቱ የሚሰጠውን 3,529 ብር (ያለ ኪራይ) በተግባር ሊያስከብረው አይችልም።