የወተት ላም ያላችሁ፣ ገንዘባችሁ የሚያልቀው እዚህ ጋ ነው

ደብረ ብርሃን አካባቢ አንድ ሁለት ክልስ ላም አስሮ ወተት የሚሸጥ ሰው ስታገኙ "በቀን ስንት ይተርፍሃል" በሉት እስቲ፣ የሚነግራችሁ ላሟ በወለደች በሁለተኛው ወር የነበረውን ሂሳብ ነው። ያኔማ ማን ያልተረፈው አለ! ስምንተኛው ወር ላይ ስላለው ግን ማንም አያወራም።

በጣም የሚያናድደኝ ስህተት ይሄ ነው፣ በወለደች ሰሞን የጀመሩላትን መኖ እስክትነጥፍ ድረስ ሳይነኩት መቀጠል። ጠባሴ ያለ አንድ ልጅ ላሙ 12 ሊትር ስትታለብ በቀን 5 ኪሎ ፉርሽካና ፋጉሎ ቀላቅሎ ይሰጣት ነበር፣ ይሄ ልክ ነው። ዋጋ መቼም በየገበያው ይቀያየራል፣ ለሂሳብ እንዲመቸን ወተቱን በሊትር 50 ብር፣ ድብልቁን በኪሎ 30፣ ገለባና ድርቆሹን በቀን 100 ብር እንበለው። 600 ገባ፣ 250 ወጣ፣ 350 ኪሱ ቀረ። ስምንተኛ ወሯ ላይ ስሄድ ወተቷ 4 ሊትር ደርሷል፣ ድብልቁ ግን ያው 5 ኪሎ! 200 ይገባል 250 ይወጣል፣ ማለት በየቀኑ 50 ብር ከኪሱ እየጨመረ ነው የሚያልባት። ቀንስ ስለው "ጋሼ ብቀንስባትማ ያለችውም ትጠፋለች" አለኝ። አይ አንተ! ወተቱ የወረደው እኮ ጊዜዋ ስለደረሰ ነው፣ ትርፉ መኖ የት እንደሚሄድ ማየት ከፈለግክ ጭራዋ ስር ዳብሳት፣ አጥንቱ በጮማ ተሸፍኗል። እንደዛ ወፍራ የደረሰች ላም ደግሞ ስትወልድ ትቸገራለች፣ ከወለደች በኋላም መብላት ትቀንሳለች።

በግምት ያዙት፣ ገለባና ድርቆሹ ራሷን ማቆሚያ ነው፣ ከዛ በላይ ለሁለት ተኩል ሊትር ወተት አንድ ኪሎ ድብልቅ። 4 ሊትር ለምትታለብ 2 ኪሎ ከበቂ በላይ ነው፣ ወጪው 160 ይሆንና 40 ብር ይተርፋል። ሲቀነስ ግን በአንድ ቀን አይደለም፣ ሳምንት አስር ቀን ወስዳችሁ ቀስ እያላችሁ ነው። የከሳች ላም ወይ ገና በመጀመሪያ ወሊዷ ያለችና ራሷም እያደገች ያለች ከሆነች እዚህ ሂሳብ ውስጥ አታስገቧት፣ እሷ ይጨመርላት።

በጣሳ የምትለኩ ደግሞ አላችሁ። ፉርሽካ ቀላል ነው፣ ፋጉሎ ከባድ ነው፣ አንድ ጣሳ ከዚህና አንድ ጣሳ ከዛ ብላችሁ "እኩል ቀላቀልኩ" ስትሉ ውዱ ፋጉሎ በእጥፍም ሊበልጥ ይችላል። ጣሳውን አንዴ ሚዛን ላይ አውጡትና ለየብቻ ምልክት አድርጉበት፣ አለቀ። የሻገተ ፋጉሎ በርካሽ አገኘሁ ብላችሁም እንዳትገዙ፣ መርዙ በወተቱ ያልፋል።

ሌላው ድራት ማሳለፍ። ላም በየ21 ቀኑ ነው የምትደራው፣ እሱም አንድ ቀን እንኳን የማይሞላበት ጊዜ አለ። ብቻዋን የታሰረች ላም የምትጋልባት ጓደኛ ስለሌላት ሰው ሳያውቅ ያልፋል፣ ጠዋት በረቱን ስትጠርጉ ከኋላዋ እንደ እንቁላል ነጭ የሚዝረበረብ ጥርት ያለ ንፍጥ ካያችሁ፣ ከጮኸችና ወተት ከቀነሰች ለአዳቃዩ ደውሉ። ጠዋት ከታየባት ከሰዓት፣ ማታ ከታየባት በነጋታው ጠዋት ትዳቀል። አንዴ ካመለጠ 350 ብር የሚተርፍበት ወቅት 21 ቀን ወደ ኋላ ተገፋ ማለት ነው፣ እናንተ ግን 40 ብሯን ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ።

ጾምን የሚረሳ ሰው ይገርመኛል፣ ሁዳዴ 55 ቀን መሆኑን እያወቀ! መጋቢት ላይ የተዳቀለች ላም ታኅሣሥ ትወልድና ወተቷ ጣራ የሚነካው ልክ ሁዳዴ ሲገባ ነው፣ ገዢ ሲጠፋ ማለት ነው። ሰኔ ላይ ካስጠቃችኋት መጋቢት ትወልዳለች፣ እንገር እስኪያልቅና ወተቷ እስኪጨምር ፋሲካ ይደርሳል። የሷ ጊዜ ካልገጠመላችሁ ወተቱን በግማሽ ዋጋ ከመበተን ናጡት፣ ከ20 ሊትር አካባቢ አንድ ኪሎ ቅቤ ይወጣል፣ ለፋሲካ ገበያ ደግሞ የቅቤን ዋጋ ታውቁታላችሁ፣ አይቡ ቤት ይበላል፣ አጓቱ ለከብቱ ነው።

ገለባ ደግሞ ውቂያ እንዳለቀ ጥር ላይ ግዙ፣ ሐምሌ ላይ በየሰው ደጅ እየዞራችሁ "የሚሸጥ አለ?" አትበሉ።

ፍየልስ ለምትሉኝ የሸዋ ሮቢት ሰዎች፣ የአገራችን ፍየል ወተቷ ለልጆቻችሁና ለግልገሏ ቢበቃ ነው፣ ከተማ ላይም የፍየል ወተት ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ብሩ ያለው ግልገሉ ላይ ስለሆነ ፉርሽካ እየገዛችሁ ወተት ልሽጥባት አትበሉ፣ ቁጥቋጦው ይበቃታል።