«በንግድ ምልክት መዝገቡ የቡና ምድብ፣ ክላስ 30 ውስጥ የለም» ብለውኝ ስሙ ለምን ተጣለ?

ችግሩ እንዲህ ነው። ስም አወጣችሁ፣ ንግድ ፈቃድ ላይ ሰፈረ፣ ማሸጊያ ታተመ። የንግድ ምልክት ማመልከቻው ግን «ከተመዘገበ ምልክት ጋር ይመሳሰላል» ተብሎ ተመለሰ። እናንተ ደግሞ ፈልጋችሁ ነበር፤ ምንም አላገኛችሁም።

አንድ ጓደኛዬን የገጠመው ይኸው ነው። ፒያሳ አካባቢ ቡና ቆልቶ፣ ፈጭቶ፣ በግማሽ ኪሎ ከረጢት ለሱቆች ያከፋፍላል። ስሙን «ዐጸድ ቡና» አለው እንበል (ትክክለኛዎቹን ስሞች ቀይሬያቸዋለሁ)። አራት ኪሎ ማተሚያ ቤት ከረጢቱን አሳትሞ ከጨረሰ በኋላ ነው እኔ ጋ የመጣው። እንደ ልማዱ።

የተሳሳተበት የመጀመሪያው ምክንያት የያዘው ማስረጃ የንግድ ስም ምዝገባ መሆኑ ነበር። እሱ ሌላ መዝገብ ነው። የንግድ ስም ድርጅቱን ይለያል፣ የንግድ ምልክት ደግሞ ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን። የምልክቱ ሕግ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው፤ መዝገቡም ያለው አዕምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ጋ ነው። አንዱ ጋ ማለፍ ሌላው ጋ አያሳልፍም።

ሁለተኛው ምክንያት ክላሱን የተረዳበት መንገድ ነው። ዕቃና አገልግሎት የሚመደበው ኒስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ምደባ በ45 ክላሶች ነው፤ ከ1 እስከ 34 ዕቃ፣ ከ35 እስከ 45 አገልግሎት። ቡና 30 ውስጥ ነው። ሻይ፣ ቅመም፣ ዱቄት፣ ዳቦና ማርም እዚያው ናቸው። ካፌ ግን 43 ነው፣ የታሸገ ውሃ 32፣ ቡናን ለሌላ ሰው በክፍያ መቁላት 40።

ክላስ ለመዝገቡ አያያዝ የተሠራ መደርደሪያ ነው እንጂ በነጋዴዎች መካከል የቆመ አጥር አይደለም። የሚታየው ገዢው ይደናገራል ወይ የሚለው ነው። የቡና ከረጢትና የካፌ ታፔላ ክላሳቸው ቢለያይም፣ ሁለቱ አንድ ስም ከያዙ ሰው የአንድ ቤት ናቸው ብሎ ያስባል። ስለዚህ ቡና የምታሽጉ ከሆነ 30ን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፣ 43ንም እዩ። ከዚያ ዕቃችሁ የሚሸጥበት መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ምን እንደሚቀመጥ አስቡ።

ዋናው ጥፋት ግን ፊደሉ ላይ ነበር። ጓደኛዬ የፈለገው «ዐጸድ ቡና» የሚለውን ብቻ፣ እሱ በሚጽፈው መንገድ ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ለአንድ ድምፅ ብዙ ፊደል አለው። መፍትሄው ይህን ይመስላል።

መጀመሪያ «ቡና»ን አውጡት። ማንም ቡና ሻጭ የሚጠቀምበት ቃል ስለሆነ አይለያችሁም። የቀረው «ዐጸድ» ነው። የመጀመሪያው ድምፅ አ፣ ኣ፣ ዐ ወይም ዓ ተብሎ ይጻፋል፤ ሁለተኛው ጸ ወይም ፀ። አራት በሁለት፣ ስምንት አጻጻፍ ማለት ነው። ስምንቱንም ፈልጉ። ቀጥሎ በላቲን ፊደል ሰው የሚጽፈውን ሁሉ ጨምሩ፦ Atsed, Atsede, Atsad, Ased። ከዚያ ትርጉሙ፤ ዐጸድ የአትክልት ቦታ ነው፣ ስለዚህ «ጋርደን» የሚባል ቡናም ካለ ማየት ነው። በመጨረሻ አንድ ድምፅ ጨምራችሁ ወይም ቀንሳችሁ ሞክሩ።

የተያዘው እዚህ ላይ ነው። «አፀደ» የሚል የበርበሬና የቅመም ምልክት 30 ውስጥ ተመዝግቦ ነበር። ወረቀት ላይ ስታዩት በመጀመሪያው ፊደል ይለያያል፣ በሁለተኛው ይለያያል፣ በመጨረሻው ይለያያል። ጓደኛዬም «ሦስቱም ፊደል የተለያየ ነው እኮ!» ብሎ ተሟገተ። አፍ ላይ ግን ያለው ልዩነት የመጨረሻዋ «ደ» ብቻ ናት። ቅመምና ቡና ደግሞ በአንድ ሱቅ፣ ለአንድ ገዢ ይሸጣሉ።

እኔ የምጠቀምባት ቀላል ሙከራ አለችኝ። ስሙን ጽፋችሁ ሳይሆን በስልክ ለባለሱቅ ንገሩት፤ «አምስት ዐጸድ ላክልኝ» በሉት፣ ከዚያ የጻፈውን እዩ። ጓደኛዬ ካዛንቺስ ያለ ደንበኛው ጋ ደወለ። ሰውዬው «የአፀደ በርበሬውን ነው?» አለው። ነገሩ አለቀ።

አርማውን ልቀይር፣ ቀለሙን አረንጓዴ ላድርገው ብሎ ነበር። ይሄ ብዙም አያድንም፤ ገዢ ዕቃውን የሚጠራው በቃሉ ነው። «ምርጥ» ወይም «ልዩ» ብሎ መጨመርም ያው ነው፣ ጥራት የሚገልጽ ቃል አይለይም። «ይርጋጨፌ» ልበለው ላለው ደግሞ፣ እሱ የቦታ ስም ከመሆኑም በላይ የኢትዮጵያ መንግሥት ራሱ አሜሪካን ጨምሮ በተለያዩ አገሮች በምልክትነት ያስመዘገበው ስም ነው።

የቀረው ዋናውን ቃል መለወጥ ነበር። ከቡና ጋር ምንም የማይገናኝ ቃል መረጠ፣ አጻጻፎቹን በሙሉ ዘርዝሮ ባለሥልጣኑ ጋ በ30ም በ43ም አስፈለገ፣ ሱቆቹንም ዞሮ አየ፤ ያልተመዘገበ ግን የሚሸጥ ስም መዝገብ ላይ አይገኝማ። የታተሙት ከረጢቶች ግን አሁንም እቤቱ አልጋ ሥር ናቸው።