ክሮሚየምና መዳብ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ደብተር ስናርም ክሮሚየም ለምን 3d⁵4s¹ እንደሆነ ሲጠየቅ የሚመጣው መልስ ሁሌ አንድ ነው፦ «ግማሽ የሞላ ንዑስ ሼል የተረጋጋ ስለሆነ»። ልጆች፣ ይህ ጥያቄውን መልሶ መጻፍ እንጂ ምክንያት አይደለም! ግማሽ መሙላት ብቻውን በቂ ቢሆን ካርበን 2s¹2p³ በሆነ ነበር፤ ቱንግስተንም 5d⁴6s² ሆኖ አይቀርም ነበር።

ምክንያቱ ያለው ቆጠራው ውስጥ ነው። ስፒናቸው አንድ አቅጣጫ የሆነ ኤሌክትሮኖች እርስ በርስ ስለሚራራቁ መገፋፋታቸው ይቀንሳል፤ በዚህ የሚገኘው የኢነርጂ ቅናሽ ኤክስቼንጅ ኢነርጂ ይባላል። ቅናሹ የሚያድገው በጥንዶቹ ብዛት ነው፦ n ኤሌክትሮኖች ካሉ n(n−1)/2 ጥንድ። ከ4s ጋር ያለው ደካማ ስለሆነ የ3dን ብቻ እንቁጠር። በ3d⁴ 6 ጥንድ አለ፣ በ3d⁵ ደግሞ 10። ክሮሚየም አንድ ኤሌክትሮን ከ4s ወደ 3d ሲያዛውር 4 ጥንድ ያተርፋል፤ በዚያ ላይ 4s ውስጥ ሁለቱ አብረው ሲቀመጡ የሚከፍሉት መገፋፋት ይቀርለታል።

ጎረቤቶቹንም ቁጠሯቸው። ቫናዲየም ቢያዛውር ከ3 ወደ 6 ነው፤ ትርፉ 3 ብቻ። ማንጋኒዝ ላይ ስድስተኛው ኤሌክትሮን በተቃራኒ ስፒን ስለሚገባ ትርፉ ዜሮ ነው። 4 የሚደርሱት ክሮሚየምና መዳብ ብቻ ናቸው። ካርበንም ቢያዛውር ጥንድ ያተርፋል፤ ግን በ2sና በ2p መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ትርፉ አይሸፍነውም። 3dና 4s ግን በጣም የተቀራረቡ ናቸው።

የመዳብን ምክንያት ከክሮሚየም መገልበጥም ስህተት ነው። 3d⁹ ላይ 5 ወደ ላይ፣ 4 ወደ ታች ስላሉ 10+6፣ ማለትም 16 ጥንድ አለ፤ 3d¹⁰ ላይ 10+10፣ ማለትም 20። ትርፉ እኩል 4 ቢሆንም መዳብ ከ4s ያወጣውን ኤሌክትሮን 3d ውስጥ ከሌላ ጋር ያስቀምጠዋልና ከአብሮ መቀመጥ የሚያመልጠው ነገር የለም። ለእሱ ትልቁ ምክንያት የኒውክሊየሱ ቻርጅ 29 መድረሱ ነው፤ 3dን ወደ ታች ስቦታል።

«ጥንድ» ሲባል አንድ ሳጥን ውስጥ ያሉትን ተቃራኒ ቀስቶች የሚቆጥሩም አሉ። የኤክስቼንጅ ጥንድ በተለያየ ሳጥን ያሉ አንድ ዓይነት ቀስቶች ናቸው።

አዮን ላይ መጀመሪያ የሚወጣው የ4s ኤሌክትሮን ነው። Cu⁺ 3d¹⁰ ነው፣ Cu²⁺ ደግሞ 3d⁹። Cu⁺ን 3d⁹4s¹ ብሎ የጻፈ ልጅ የተሳሳተው አዮኑ ላይ ሳይሆን ቀድሞ አቶሙን 3d⁹4s² ሲጽፍ ነው፤ እርማቱም ከዚያ ይጀምር።